ለቤት ኬክ ሥራ የትኛው ኦቨን ያዋጣል? ስንት ኬክ ሲሸጥ ነው ብሩ የሚመለሰው?

ኦቨን ልግዛ የምትል ልጅ ስታማክረኝ ስንት ሊትር ነው፣ ማርካው ምንድነው ምናምን ብዬ አልጀምርም፣ መጀመሪያ የምጠይቃት "በአሁኑ ኦቨንሽ አልችልም ብለሽ የመለስሽው ትዕዛዝ በሳምንት ስንት ነው?" ብዬ ነው። አብዛኞቹ ይሄን ቆጥረው አያውቁም። በሳምንት ስንት ኬክ እንደሚሸጡ ያውቃሉ፣ የኦቨኑንም ዋጋ ከሦስት ሱቅ ጠይቀው መጥተዋል፣ ግን አዲሱ ኦቨን የሚያመጣው ተጨማሪ ኬክ ስንት እንደሆነ አልታሰበም፣ ሂሳቡ የሚወድቀው ደግሞ እዛው ላይ ነው።

እስቲ አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም 3ኛ ፎቅ ላይ ቤቷ ውስጥ ኬክ የምትሠራ ልጅ አለች እንበል፣ አሁን ያላት ትንሽዬ አሮጌ ኦቨን ናት፣ በሳምንት 5 ኬክ ትሸጣለች፣ 3 ትዕዛዝ ደግሞ አይደርስልኝም ብላ ትመልሳለች። የሚሸጠው የልደት ኬክ 1.5 ኪሎ አካባቢ ሆኖ ዋጋው 1,800 ብር ነው እንበል። ከዚህ በታች ያሉት ብሮች በሙሉ ለምሳሌ ያህል የያዝኳቸው ናቸው፣ እንቁላልም ክሬምም በየወሩ ስለሚቀያየር የእናንተን ዋጋ ተክታችሁ ነው መሥራት ያለባችሁ፣ አሠራሩ ግን አይቀየርም።

አንድ ኬክ ላይ እንቁላል 6 ፍሬ በ20 ብር 120፣ ዱቄትና ስኳር 110፣ ዘይትና ወተት 100፣ ክሬምና ቸኮሌት 260፣ ካርቶንና የኬክ ቦርድ 130፣ ቤኪንግ ፓውደር ቫኒላ ቀለም የመሳሰለው 40፣ ድምር 760 ብር። መብራት 10 ብር ያዙ። የተቃጠለ፣ መሀሉ የወረደ፣ ከፎርሙ አልወጣም ብሎ የተሰበረ ከ20 ኬክ አንዱ ይበላሻል ብንል ለሱ ደግሞ ወደ 40 ብር ይደርሳል። እስካሁን 810 ብር። አሁን የራሷ ጉልበት፣ አንድ ኬክ ከመምታት እስከ ዲኮሬሽን 3 ሰዓት ቢፈጅና ሰዓቷን 100 ብር ብትቆርጥለት 300 ብር። ጠቅላላ 1,110። ስለዚህ ከ1,800 ላይ ለኦቨኑ የሚተርፈው 690 ብር ነው። ይቺን 690 ያዙልኝ፣ እስከ መጨረሻው ከሷ ጋር ነን።

የመጀመሪያው አማራጭ የጠረጴዛ ኦቨን ነው፣ 60 ሊትር፣ 2,000 ዋት አካባቢ የሚጎትት፣ ዋጋው 28,000 ብር ይሁን። ብዙ ሰው 28,000ን በ1,800 ያካፍልና "16 ኬክ ብቻ እኮ ነው!" ይላል። ይሄ የሽያጩን ብር በሙሉ ለኦቨን መስጠት ነው፣ እንቁላሉንና ክሬሙን ማን ገዛው ታዲያ? ዕቃውን ቀንሳችሁ ጉልበቷን ግን በነፃ ከቆጠራችሁ ለ990 ታካፍላላችሁ፣ 29 ኬክ ይመጣል። ጉልበቱም ሲገባ 28,000 ለ690፣ 41 ኬክ። ለአንድ ኦቨን ሦስት መልስ፣ 16፣ 29 እና 41። እኔ የምቀበለው 41ን ነው፣ ምክንያቱም ሥራው ሲበዛ ክሬም የምትቀባ ረዳት ትቀጥራላችሁ፣ ያኔ ያ 300 ብር ከኪስ ይወጣል፣ ከመጀመሪያው ካልቆጠራችሁት ሥራው ባደገ ቁጥር ትርፉ የት እንደገባ ግራ ይገባችኋል።

አሁን ወደ ሳምንት እንቀይረው። 41 ኬክ በሳምንት 8 ኬክ ከሆነ በ5 ሳምንት ምናምን ያልቃል የሚል ሰው አለ፣ አይደለም። 5ቱን እኮ በአሮጌው ኦቨንም ትሸጣቸው ነበር፣ አዲሱ ያመጣው 3ቱን ብቻ ነው። 41 ለ3 ሲካፈል 14 ሳምንት። በ5 ሳምንትና በ14 ሳምንት መሀል ያለው ልዩነት ዕቁብ የደረሳት ልጅ ብሩን እንዴት እንደምትመድበው ይቀይራል፣ ቀላል አይደለም። በአዲሱ ኦቨን ድሮ የምትሠራቸው 5ቱም ላይ የሚገኝ ጥቅም ካለ ግን እሱ ይደመራል፣ ለምሳሌ አሮጌው ከ10 አንዱን ያቃጥል ከነበረና አዲሱ ከ20 አንድ ብቻ ካበላሸ በየኬኩ 38 ብር ይተርፋል፣ በ5 ኬክ 190 ብር በሳምንት። 3 ጊዜ 690 ሲደመር 190፣ 2,260 ብር በሳምንት፣ ያኔ 13 ሳምንት ይሆናል። ትንሽ ነው ለውጡ፣ ግን አለ።

ከዚህ ላይ መማሪያ የሚሆን ወጪ ጨምሩ። አዲስ ኦቨን ላይ ቁልፉን 180 ብታደርጉት ውስጡ 180 ነው ማለት አይደለም፣ በ10 ወይ በ20 ዲግሪ መሳት የተለመደ ነው፣ ከጀርባ በኩል ያለው ቶሎ ይጠቁራል ከፊት ያለው ነጭ ይሆናል። ውስጡ የሚቀመጥ ቴርሞሜትር ግዙ፣ ከኦቨኑ አንፃር ዋጋው ምንም አይደለም። አዲስ አበባ ደግሞ ከባህር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ኬኩ ቶሎ ይነሳና ሳይበስል መሀሉ ይወርዳል፣ ዩቲዩብ ላይ ያየነው የፈረንጅ ሬሲፒ ቤኪንግ ፓውደሩ ሲቀነስ ነው የሚሠራው፣ በአሮጌው ኦቨን ያስተካከላችሁት መጠንም አዲሱ ላይ እንደገና መሞከር ሊፈልግ ይችላል። ክሬም ሳይገባበት ስፖንጁ ብቻ 330 ብር ነው፣ አምስቴ ብትሞክሩ 1,650፣ ማለትም 41 የነበረው 43 ወይ 44 ሆነ። አያስፈራም፣ ግን የመጀመሪያውን ሳምንት ለሠርግ ትዕዛዝ አትቀበሉበት።

ሁለተኛው አማራጭ ባለ ጋዝ ስቶቭ ከነኦቨኑ ነው፣ ያ ትልቁ ባለ 5 ምድጃ። 95,000 ብር፣ ሲሊንደርና ሬጉሌተር ከሌላችሁ 15,000 ጨምሩ፣ 110,000። ጋዙ ስንት ይበላል? የኦቨኑ በርነር በሰዓት ወደ 0.2 ኪሎ ጋዝ ይፈጃል ብለን ብንይዝ፣ 12.5 ኪሎው ሲሊንደር ደግሞ 3,500 ብር ቢሞላ፣ ኪሎው 280 ነው፣ በሰዓት 56 ብር፣ አንድ ኬክ አንድ ሰዓት ቢፈጅ በኬክም ያው 56 ነው። ከመብራቱ 10 ብር ጋር ስታወዳድሩት የየኬኩ ትርፍ ከ690 ወደ 650 አካባቢ ይወርዳል። 110,000 ለ650፣ 170 ኬክ። ከ41 ጋር ሲታይ ያስደነግጣል።

ግን እዚህ ጋ አንድ ነገር አለ፣ ላዩ ላይ ያሉት ምድጃዎች ለቤቱ ወጥም ይሠራሉ እኮ። ቤቱ ስቶቭ የሚያስፈልገው ከነበረና ለሱ ብቻ 40,000 ብር መውጣቱ ካልቀረ፣ ኬኩ ላይ መጫን ያለበት ቀሪው 70,000 ነው፣ 108 ኬክ። በቂ ስቶቭ ካላችሁ ግን እንዲህ ብላችሁ ራሳችሁን አታባብሉ፣ ሙሉው 110,000 የኬኩ ዕዳ ነው።

በብሩ ካየነው ጋዝ ተሸናፊ ነው፣ ታዲያ ሰው ለምን ይገዛዋል? መብራት ስለሚሄድ ነው። ኬኩ ገብቶ 15 ደቂቃ ሲሆነው መብራት ከሄደ፣ ተነስቶ ገና ሳይይዝ ስለሆነ ይተኛል፣ መብራቱ ሲመጣ ብትቀጥሉት እንደ ሳሙና ድፍን ያለ ነገር ነው የምታወጡት። 330 ብር ስፖንጅ ሄደ፣ መብራቱ እስከ ማታ ካልመጣ ደግሞ ትዕዛዙም ይሰረዛል፣ ቀብድ መመለስ አለ፣ ከትዕዛዙ የሚቀረው ትርፍም 690 ብር ነው። አንድ የመብራት መጥፋት ትዕዛዝ ካስበላ 1,020 ብር ያስከፍላል ማለት ነው።

ስለዚህ ጋዝና ኤሌክትሪክን ስታወዳድሩ የሰፈራችሁን መብራት ነው የምታወዳድሩት። በሳምንት 8 ኬክ ለምትሠራው ልጅ ጋዙ በየኬኩ 40 ብር፣ በሳምንት 320 ብር ይበልጥባታል። በሳምንት አንድ ትዕዛዝ በመብራት ምክንያት የምታጣ ከሆነ 1,020 ሲቀነስ 320፣ 700 ብር ታተርፋለች። ከጠረጴዛው ኦቨን በላይ ያወጣችው 42,000 ነው (70,000 ሲቀነስ 28,000)፣ ለ700 ሲካፈል 60 ሳምንት። በሳምንት ሁለት ትዕዛዝ የሚበላሽባት ሰፈር ከሆነ ግን 1,720 ይሆንና 25 ሳምንት ነው። በወር አንዴ ብቻ ከሆነ በጭራሽ አይመለስም፣ ከመብራቱ ያተረፈችውን ጋዙ ይበላዋል። ሁለት ወር ያህል መብራት በሄደ ቁጥር ሳይሆን መብራት ሄዶ ኬክ በተበላሸ ቁጥር ካላንደር ላይ ምልክት አድርጉ፣ ሁለቱ በጣም ይለያያሉ፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት የሄደ መብራት ለኬክ ምንም አይደለም።

ሦስተኛው ሁሉም የሚመኘው ነው፣ የዳቦ ቤት ዓይነቱ ባለ አንድ ደርብ ባለ 2 ትሪ የኤሌክትሪክ ኦቨን። 150,000 ብር እንበል። ሱቅ ላይ የሚነገራችሁ ይሄ ዋጋ ነው፣ ግን 6.6 ኪሎዋት ስለሚስብ በ220 ቮልት 30 አምፒር ይሆናል፣ ተራው ሶኬት አይችለውም፣ ከቆጣሪው ወፍራም ገመድና የራሱ ብሬከር ያስፈልገዋል፣ አንዳንዱ ሞዴል ጭራሽ ባለ ሦስት ፌዝ ብቻ ነው የሚሠራው፣ ከመግዛታችሁ በፊት ጀርባው ላይ የተለጠፈውን አንብቡ ወይ ለኤሌክትሪሺያን ፎቶ ላኩለት። ለገመዱና ለሠራተኛው 25,000፣ ለትሪ፣ ለማጓጓዣና ሊፍት በሌለው ኮንዶሚኒየም ደረጃውን ለሚሸከሙት ልጆች 10,000 ጨምሩ። 185,000 ደረሰ።

ትሪው 40 በ60 ሴንቲ ከሆነ 24 ሴንቲ ፎርም ሁለት ሁለት ይይዛል፣ በሁለቱ ትሪ አራት። አንዱ ኬክ ሁለት ስፖንጅ ከሆነ አንዴ ስትከቱ ሁለት ኬክ ወጣ ማለት ነው። ሞልታችሁ ስትጋግሩ መብራቱ ለአንድ ኬክ 18 ብር አካባቢ ነው፣ ሥራውም አንድ ላይ ስለሚሠራ ጉልበቱ ከ300 ወደ 240 ሊወርድ ይችላል፣ ትርፉ ወደ 740 ይወጣል። 185,000 ለ740፣ ልክ 250 ኬክ። አንድ ኬክ ብቻ ከታችሁ ካሞቃችሁት ግን መብራቱ ወደ 36 ብር ይሆናል፣ ጉልበቱም አይቀንስም፣ 279 ኬክ ይሆናል።

ከጠረጴዛው ጋር ስናስተያየው በየኬኩ የሚተርፈው 50 ብር ብቻ ነው። ለ50 ብር ብላችሁ 157,000 ጨምራችሁ ከከፈላችሁ ለመመለስ ከ3,000 ኬክ በላይ መሸጥ አለባችሁ፣ ይሄ ቀልድ ነው። ትልቁ ኦቨን የሚያዋጣው በአንድ ነገር ብቻ ነው፣ ትንሹ ላይ ሊሠሩ በማይችሉ ኬኮች።

እዚህ ላይ ደግሞ ጥሩ ጥያቄ ይነሳል፣ የጠረጴዛው ኦቨን እኮ አንዱን ኬክ በአንድ ሰዓት ቢያወጣ በቀን 5 ይጋግራል፣ በሳምንት 25 ምናምን፣ ታዲያ ምን ጎደለ? የጎደለው ሰዉ ሁሉ ለቅዳሜና እሁድ ማዘዙ ነው። ማክሰኞ ኦቨኑ ባዶውን ተቀምጦ ሐሙስ ማታና አርብ ግን ይጨናነቃል፣ አስቀድማችሁ ሰኞ ጋግራችሁ ለቅዳሜ አትሰጡም። ልጅቷ በጠረጴዛው ኦቨን 8 ኬክ ጋ ስትደርስ እንደገና 4 ትዕዛዝ መመለስ ጀመረች እንበል፣ አሁን ምን ትግዛ?

ትልቁን ከገዛች አዲሶቹ 4 በ740፣ 2,960፣ በድሮዎቹ 8 ላይ ደግሞ 50 ብር 50 ብር፣ 400፣ በድምሩ 3,360 በሳምንት። 185,000 በዚህ ሂሳብ 56 ሳምንት ነው፣ ያውም ዓመቱን ሙሉ ትዕዛዝ ካልቀነሰ። ያው የጠረጴዛ ኦቨን ሁለተኛ ከገዛችስ? 28,000፣ የራሱ ገመድና ብሬከር 5,000፣ 33,000፣ 48 ኬክ፣ በሳምንት 4 ሲሆን 12 ሳምንት። ገመዱን የጨመርኩት ዝም ብዬ አይደለም፣ እያንዳንዱ 9 አምፒር ስለሚስብ ሁለቱን ባንድ ኤክስቴንሽን ወይ ባንድ 16 አምፒር መስመር ላይ ከሰካችኋቸው ወይ ብሬከሩ እየወረደ ኬኩን ያበላሻል ወይ ደግሞ ሶኬቱ ይቀልጣል፣ ሶኬቱን ስትነኩት ሞቅ ካላችሁ እዛው አቁሙ። ሁለት ኦቨን ሌላም ጥቅም አለው፣ አንዱ ቢበላሽ አርብ ዕለት ሥራ አይቆምም፣ አንዱ ላይ ኬክ ሌላው ላይ በተለያየ ሙቀት ኩኪስ መጋገር ይቻላል። እውነቱን ለመናገር ቤት ውስጥ ለብቻዋ ለምትሠራ ሰው ከትልቁ ይልቅ ሁለተኛ ትንሽ ኦቨን ነው የምመርጠው፣ ብዙ ሰው ግን ትልቁ ኪችኑ ውስጥ ሲታይ ደስ ስለሚለው አይሰማኝም።

ትልቁ የሚያሸንፈው መቼ ነው? የምትመልሱት ትዕዛዝ በሳምንት 15 ሲደርስ። ያኔ 15 በ740 ሲደመር 400፣ 11,500 ብር በሳምንት፣ 17 ሳምንት ብቻ። ለዚህ በትንሹ ኦቨን ልሂድ ብትሉ ሦስት አራት መደርደር አለባችሁ፣ የቤቱ መስመርም አይችልም። ግን 15 ተጨማሪ ኬክ ማለት የ36 ሰዓት ሥራ ነው፣ ኦቨኑ ቢችል እናንተ አትችሉም፣ ስለዚህ ረዳቷ፣ የክሬም መምቻው ማሽንና ትልቅ ፍሪጅ አብረው ካልመጡ ኦቨኑ ባዶውን ይቀመጣል። ለማወቅ ቀላል ነው፣ አርብ ማታ ስፖንጆቹ በርደው ተደርድረው ክሬም የሚቀባቸው ከጠፋ ችግራችሁ ኦቨን አይደለም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ቁጥሩን በጣም የሚያወዛውዘው ምንድነው የሚለውን። እንቁላል ከ20 ወደ 25 ብር ቢወጣ በኬክ 30 ብር ነው፣ የጠረጴዛው ኦቨን 41 የነበረው 43 ይሆናል። ለዘመድ ለጓደኛ እያላችሁ 200 ብር ቅናሽ ካደረጋችሁ ግን 690 ወደ 490 ይወርድና 58 ኬክ ይገባል። ስለ ጋዝና መብራት ፍጆታ ሰው ሲከራከር ይውላል፣ የ200 ብር ቅናሽ ግን ከዛ ሁሉ ይበልጣል።

የምትገዙበት ጊዜም የሳምንቱን ሂሳብ ያበላሸዋል። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፣ ሠርግ የለም፣ የፍስክ ኬክ ትዕዛዝም ይወርዳል። የጾም ኬክ የምትሠሩ ከሆነ እንቁላሉ ስለሚቀር በ1,700 እንኳን ብትሸጡት ወደ 710 ብር ይተርፋል፣ በኬኩ አትከስሩም፣ ችግሩ ብዛቱ ነው። የካቲት ላይ ሁዳዴ ሊገባ ሲል የተገዛ ኦቨን እነዛን 14 ሳምንታት የሚጀምረው ተጨማሪ ትዕዛዝ በሌለበት ነው፣ 55ቱ ቀን ወደ 8 ሳምንት ስለሆነ ብሩ በ14 ሳይሆን በ22 ሳምንት ነው የሚመለሰው። ከጥር ሠርጎች በፊት ወይም ከፋሲካ በኋላ ላሉት የዳግማይ ትንሣኤ ሠርጎች ሁለት ሳምንት ሲቀረው ብትገዙት ግን፣ ሙከራውንም በጾሙ መጨረሻ ትጨርሱታላችሁ፣ ትዕዛዙ ሲመጣም ኦቨኑን ለምዳችሁታል።